«የኤሌክትሪክ ምጣድ» የሚለውን ተወውና «መሃሉ አይሞቅም» የሚለውን ያዝ

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ እጠግናለሁ። ከሦስት ወር በፊት በአማርኛ ብሎግ ከፍቼ እስካሁን 11 ጽሑፍ አውጥቻለሁ። ‹የኤሌክትሪክ ምጣድ› ብዬ ጎግል ላይ ስፈልግ እስከ አምስተኛው ገጽ ድረስ የለሁም። የቁልፍ ቃል መሣሪያ ላይ አማርኛ ሳስገባ ደግሞ ሁሉንም 0 ይለኛል። ታዲያ ምን መርጬ ልጻፍ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከ0ው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚያ ላይ ነው። ያ ቁጥር «ማንም አይፈልገውም» ማለት አይደለም፤ «እኔ ዘንድ መረጃ የለም» ማለት ነው። የጎግል የቁልፍ ቃል መሣሪያ፣ Keyword Planner፣ የተሠራው ማስታወቂያ ለሚገዙ ሰዎች ነው። የሚሰጠው ቁጥር የወር አማካይ ሲሆን ተጠጋግቶ፣ ተቀራራቢ ሐረጎችም አንድ ላይ ተጠቅልለው ይቀርባል። ለማስታወቂያ ገንዘብ የማያወጣ ሰው ጭራሽ «ከ10 እስከ 100»፣ «ከ100 እስከ 1 ሺህ» የሚል ሰፊ ክልል ነው የሚያየው። የሚከፈልባቸው የሌሎች ድርጅቶች መሣሪያዎችም የራሳቸውን ግምት ነው የሚያወጡት፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ እንኳ ሁለቱን ብትጠይቅ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጡሃል። ጎግል ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው ደግሞ በየቀኑ ከሚጻፍለት ፍለጋ 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ነው። እንግዲህ በወር አሥር ሰው ብቻ የሚጽፈው የአማርኛ ሐረግ እነዚህ መሣሪያዎች ላይ ብቅ ይላል ብለህ አትጠብቅ። አንተን የሚጠቅምህ ግን በትክክል እሱ ነው።

ወደ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» እንመለስ። ውጤቱን እንደገና ክፈተውና በዚህ ጊዜ የራስህን ስም መፈለጉን ትተህ የመጡትን ገጾች አንብባቸው። ብዛታቸው የመሸጫ ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ፎቶና ቪዲዮ ከሆነ ጎግል «ይህን የሚጽፈው ሰው ሊገዛ ነው» ብሎ ደምድሟል ማለት ነው። አንተ ግን የምትጠግን ሰው ነህ። በተአምር አንደኛ ብትወጣ እንኳ የሚመጣልህ አዲስ ምጣድ የሚያስስ ሰው ነው፤ ስለ ጥገና የጻፍከውን አይቶ ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ ሐረጉ የከበደህ ፉክክሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም። የአንተም ሐረግ አይደለም፤ የነጋዴው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውትህ። ጥያቄህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን ይዤ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ እንጀራ የሚጋግሩ ሦስት ሴቶች ጋ ሄድኩ። «ምጣድሽ መሃሉ ቀዝቅዞ አስቸገረሽ እንበል፤ ጎግል ላይ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። አንዷ «ምጣድ መሃሉ አይሞቅም» ብላ ጻፈች። ሁለተኛዋ «እንጀራ መሀሉ ለምን አይበስልም» አለች። ሦስተኛዋ እትዬ «እኔ ምን አውቄ» ብለው ስልኩን ለልጃቸው አቀበሉት፤ ልጅቷ የአማርኛ ኪቦርድ ሳትፈልግ mitad mehalu aymokm ብላ ጻፈችና መለሰችልኝ። ሦስቱም «የኤሌክትሪክ» የሚል ቃል አላስገቡም። ለምን ያስገባሉ? አዲስ አበባ መሃል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖር ሰው ምጣድ ማለት ኤሌክትሪክ ነው፤ ለይታ መናገር ካለባት «የእንጨት» የሚለውን ነው የምትጨምረው። «የኤሌክትሪክ ምጣድ» የሚለው ስም የሚኖረው ሱቅ መደርደሪያ ላይና በእኔና አንተ ርዕሶች ውስጥ ነው።

በሦስት ሰው ጥናት አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን ከ0 ይሻላል።

አሁን «ሎንግ ቴይል» ስለሚባለው ነገር። ስሙ «ረጅም ጭራ» ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ብዙ ቃል ያለው ሐረግ ይመስለዋል፤ እንግሊዝኛው ምክርም «አራትና ከዚያ በላይ ቃል ያለውን ምረጥ» እያለ ያሳስታል። ጭራው የፍለጋው ብዛት ነው እንጂ የሐረጉ ቁመት አይደለም። ሐረጎችን በሚፈለጉበት መጠን ብትደረድራቸው ጥቂቶቹ ከፊት እንደ ተራራ ይቆማሉ፤ ከኋላ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚፈለጉ እጅግ ብዙ ሐረጎች ይከተላሉ። ጭራ የተባሉት እነዚህ ናቸው። በአማርኛ ቃል መቁጠር ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፤ እኛ ባለቤቱንም፣ ተግባሩንም፣ አሉታውንም አንድ ቃል ውስጥ እንጠቀልለዋለን። «ምጣዴ ይነዝራል» ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ግን ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደገጠመውና ምን ያህል እንደቸኮለ ሁሉ ይነግርሃል። በአንጻሩ «ምርጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ በአዲስ አበባ» ስድስት ቃል ነው፤ ሲታይ ግን ያው የነጋዴው ገበያ ነው። ስለዚህ ቃል አትቁጠር፤ ሐረጉ የአንድን ሰው አንድ ችግር ይዟል ወይ ብለህ ጠይቅ።

እንዲህ ዓይነት ሐረግ ከየት ይገኛል? አንተ ከብዙዎቻችን የተሻለ ቦታ ላይ ነህ፤ ሰው በአፉ እየነገረህ ነዋ። የጥገና ጠረጴዛህ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጥ። ለሁለት ሳምንት ደንበኛ ገና በሩ ላይ ሆኖ፣ አንተ ምንም ሳትጠይቀው የሚናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፍ። እንዳለ ስልህ አደራ፣ አታርመው። «ምጣድ ስሰካ መብራቱ ይጠፋል» ካለህ አንተ በሙያህ «ሰርኪት ብሬከር መውደቅ» ብለህ አትተርጉመው። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ሥራውን እንደጀመርኩ ቤት ለሚጠግን አንድ ባለሙያ «የመኖሪያ ቤት ጣሪያ ጥገና አገልግሎት» በሚል ዓይነት ርዕስ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ደረደርኩለት፤ ወራት አልፎ የሚገባ ሰው ጠፋ። ስልክ የሚደውሉለት ሰዎች ሁሉ የሚሉት «ጣሪያዬ ያፈሳል» ነበር። ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ እየሰማሁ አልሰማሁም።

ከደብተሩ ቀጥሎ የጎግል የራሱ ማሟያ ነው፤ መጻፍ ስትጀምር ከሥር የሚዘረግፋቸው ሐረጎች። Incognito በሚባለው ስውር መስኮት ክፈተው፤ አለዚያ የራስህን የፍለጋ ታሪክ መልሶ ያሳይሃል። «ምጣድ» ብለህ ክፍት ቦታ ተውና ጠብቅ፤ ከዚያ «ምጣድ አ»፣ «ምጣድ ለ»፣ «ምጣድ ሲ» እያልክ በፊደል በፊደል ሂድ። «ምጣዴ» እና «ምጣዱ» ብለህም ጀምር፤ «ምጣዴ» ብሎ የሚጀምር ሰው ችግር ያለበት ሰው ነው፣ ሊገዛ የመጣማ ገና የእኔ አይልም። በላቲን ፊደልም ሞክር። ለአማርኛ ማሟያው ስስ ነው፤ ምንም ካላመጣ ሐረጉን አትጣለው። ካመጣ ግን ጥሩ ምስክር ነው።

ሦስተኛው ቦታ ስለ ምጣድ አያያዝና አሟሟሽ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሥር ያለው አስተያየት ነው። ባለ ቪዲዮው ያልመለሰው ጥያቄ እዚያ ተከማችቶ ታገኛለህ፣ ያውም በጠያቂው ቋንቋ።

እኔ የምሠራበት ደንብ ቀላል ነው፦ አንድ ሐረግ ሁለት ምስክር ካላገኘ አልጽፍበትም። ደብተርና ማሟያ፣ ወይም ደብተርና አስተያየት። ምክንያቱም ፉክክር የሌለበት ሐረግ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ማንም ያላሰበበት፣ ሌላው ማንም የማይፈልገው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ምስክር ብቻ ነው።

አሁን አንዱን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ደብተርህ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ እነዚህ ተጽፈው አገኘህ እንበል፦ «ምጣዴ ጨርሶ አይሞቅም»፣ «ምጣድ መሃሉ አይሞቅም»፣ «እንጀራው መሃሉ ሊጥ ይሆናል»፣ «ዳር ዳሩን ያሳርርብኛል»፣ «ምጣድ ስሰካ መብራት ይጠፋል»፣ «ምጣዴ ይነዝራል»፣ «ምጣድ ስንት ይቆጥራል»።

መጀመሪያ መቧደን አለብህ፤ ለእያንዳንዱ አባባል አንድ ገጽ ከጻፍክ ገጾችህ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። ከ11ዱ ጽሑፎችህ መካከልም ሁለት ሦስቱ አንድ ነገር የሚሉ እንዳይሆኑ እሰጋለሁ፤ እየው። የእንግሊዝኛው ዘዴ ሁለቱን ሐረግ ለየብቻ ፈልጎ የመጡትን ገጾች ማስተያየት ነው፤ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ገጾች ከሆኑ ጎግል አንድ ጥያቄ አድርጎ ወስዷቸዋል፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ለአማርኛ ይህን ዘዴ በጥርጣሬ ተጠቀምበት። በጉዳዩ ላይ የተጻፈ ነገር ጥቂት ሲሆን ጎግል ትርጉሙን ትቶ ቃሉን እየተከተለ የተበታተነ ነገር ሊያመጣ ይችላል፤ ሐረጎቹ አንድ ሆነው ሳለ ውጤቱ የተለያየ ይመስላል። ያኔ የሚሻለው መለኪያ የአንተ ሙያ ነው፦ መልሱ አንድ ነው ወይ?

በዚህ መለኪያ «ጨርሶ አይሞቅም» እና «መሃሉ አይሞቅም» በቃል አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በመልስ ግን ይለያያሉ። ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ፤ ውስጡ ያለው ሽቦ አንድ ወጥ ከሆነና ከተበጠሰ ምጣዱ በሙሉ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ብቻ ተለይቶ አይቀዘቅዝም። የመጀመሪያው ሰው መሰኪያውን፣ ገመዱንና ሽቦውን ይፈትሽ፤ የሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሽቦው አቀማመጥና ስለ ሸክላው ነው። ስለዚህ ሁለት ገጽ። በአንጻሩ «መሃሉ አይሞቅም»፣ «እንጀራው መሃሉ ሊጥ ይሆናል» እና «ዳር ዳሩን ያሳርርብኛል» በቃል አይገናኙም፤ አንዷ ስለ ምጣዱ፣ ሌላዋ ስለ እንጀራው፣ ሦስተኛዋ ስለ ዳሩ ነው የምታወራው። መልሱ ግን አንድ ሙቀት ያልተዳረሰው ምጣድ ነው። ሦስቱም አንድ ገጽ ውስጥ ይግቡ። ይህን መለየት የሚችል መሣሪያ አላየሁም።

ቀጥሎ፣ አዲስ ብሎግ በዚህ ሐረግ ፊት መውጣት ይችላል ወይ የሚለው ነው። መሣሪያዎቹ «የክብደት ነጥብ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ በአብዛኛው የሚሰላው ከፊት ያሉት ገጾች ከሌሎች ድረ ገጾች ባገኙት ማገናኛ ብዛት ነው። ለአማርኛ ሐረግ መረጃ ከሌለው ነጥቡም ባዶ ነው። ስለዚህ በዓይን እንመዝን። በስውር መስኮት እንዲህ ብለህ ክፈት፤ gl አገሩን፣ hl ቋንቋውን ይወስናል፦

```
https://www.google.com/search?q=ምጣድ+መሃሉ+አይሞቅም&gl=et&hl=am
```

የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች አንድ በአንድ ክፈት፤ በርዕሳቸው ብቻ አትፍረድ። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ገጽ ያነበበች ሴት ምጣዷ ለምን መሃሉ እንደማይሞቅ አውቃ ትወጣለች? ውጤቱ የእንጀራ አሠራር፣ የምጣድ ማስታወቂያ፣ «ሙቀት» የሚል ቃል ያለበት የጤና ጽሑፍ ከሆነ ጎግል የሚሰጠው አጥቶ ያገኘውን እየዘረገፈ ነው። ያ ለአንተ ክፍት በር ነው። ከአሥሩ ውስጥ አንዱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተጣለ ሁለት መስመር ጥያቄ ከሆነና ከሥሩ መልስ ከሌለ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይበልህ፤ ጥያቄው መኖሩም መልስ አለመኖሩም በአንድ ጊዜ ተመሰከረልህ። ሁለት ሦስቱ ግን ችግሩን በርዕሳቸው ይዘው በደንብ የሚያስረዱ ከሆነ፣ በተለይ ከቆየና ስለ ዕቃ ጥገና ብቻ ከሚጽፍ ገጽ የመጡ ከሆነ፣ ለጊዜው እለፈውና ጠበብ ያለውን ፈልግ፤ ለምሳሌ «አዲስ ምጣድ መሃሉ አይሞቅም»። ገና ከተገዛ ሳምንት ያልሞላው ምጣድ ሌላ ታሪክ አለው፤ የሚጽፈውም ሰው የተናደደ ነው፣ እስከ መጨረሻው ያነባል።

ላይኛው ክፍል በሙሉ ቪዲዮ ከሆነስ? ሰው በዓይኑ ማየት የሚፈልገው ነገር ነው ማለት ነው፤ ጽሑፍ ብቻህን ይዘህ አትግባ። በስልክህ የቀረጽከው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከጽሑፉ ጋር ይሂድ ወይም ሐረጉን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እንግሊዝኛው ምክር የማይነካው፣ እኛን ግን በየቀኑ የሚያስቸግረን የፊደል ጉዳይ ነው። የያዝነውን ሐረግ ብቻ ውሰድ፤ መሃል፣ መሀል፣ መሐል፣ አንዳንዱም ማህል ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጎግል ያንተን ቃል በሌላው ፊደል ከተጻፈው ጋር ምን ያህል እንደሚያዛምድ በንድፈ ሐሳብ አትከራከር፤ ሞክረው። አንዱን መስኮት በ«መሃሉ»፣ ሌላውን በ«መሀሉ» ክፈትና ጎን ለጎን አስተያያቸው። የመጡት ገጾችና ቅደም ተከተላቸው አንድ ከሆነ አንዱን አጻጻፍ ይዘህ ተኛ። ከተለያየ ብዙ ሰው የሚጽፈውን በርዕሱ ላይ አድርግ፤ ሌላኛውን ጽሑፉ ውስጥ የደንበኛን አባባል በጥቅስ ስታስገባ አንድ ጊዜ ይግባ። ለ«ኤሌክትሪክ»፣ «ኤሌትሪክ» እና «ኤለክትሪክ»ም እንዲሁ አድርግ። ለየአጻጻፉ የተለየ ገጽ መክፈት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ከታች አራቱንም አጻጻፍ እየደረደሩ መጨመርም አንባቢን ያስጠላል እንጂ የሚጨምርልህ ነገር የለም። የላቲኑንም አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አትረጨው፤ ለገጹ አድራሻ ግን ተጠቀምበት፤ mitad-mehalu-aymokm ብትለው ጥሩ ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አድራሻ ይሠራል፤ ሰው ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ግን ብዙ ጊዜ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር ተሞልቶ ሁለት መስመር ይሆናል፤ አይቶ የሚነካው የለም።

ገጹን ስትጽፍ ርዕሱ «ምጣድ መሃሉ አይሞቅም፦ ሽቦው ነው ወይስ ሸክላው?» ዓይነት ይሁን። የመጀመሪያው አንቀጽ መልሱን ይስጥ፤ ምጣድ ከመቼ ጀምሮ እንደተሠራ የሚተርክ መግቢያ አታስገባ። ሊጥ አቡክታ የቆመች ሴት ናት የምታነበው። ከዚያ ንዑስ ርዕሶቹ የደብተርህ አባባሎች ይሁኑ፦ «እንጀራው መሃሉ ሊጥ ሲሆን»፣ «ዳር ዳሩን ሲያሳርር»። አንዲት ሴት ቤቷ ሆና ምን ማየት እንደምትችል፣ የትኛውን ደግሞ ኤሌክትሪክ ስላለበት በፍጹም መንካት እንደሌለባት፣ መቼ ወደ ጠጋኝ መሄድ እንዳለባት ጻፍ። የራስህ የጥገና ፎቶ፣ ተገልብጦ ሽቦው የሚታይ ምጣድ፣ ከሱቅ ከተቀዳ ፎቶ እጅግ ይበልጣል፤ ማንም ሌላ ዘንድ የለምና።

ካወጣኸው በኋላ ያለው ሥራ ሰርች ኮንሶል ላይ ነው። ካልተመዘገብክ ዛሬ ተመዝገብ፤ ነጻ ነው፣ ስለ አንተ ብሎግ እውነተኛውን የጎግል መረጃ የምታገኝበትም ቦታ እሱ ነው። መጀመሪያ የገጹን አድራሻ ከላይ ባለው መፈተሻ አስገብተህ ጎግል መዝግቦት እንደሆነ እይ። ካልመዘገበው ሐረግ መለዋወጥ ዋጋ የለውም፤ ላልተመዘገበ ገጽ ሐረግ ምን ይሠራለታል? እውነቱን ለመናገር፣ ከ11ዱ ጽሑፎችህ ስንቱ እንደተመዘገበ ሳላውቅ ይህን ሁሉ መጻፌ ትንሽ ድፍረት ነው።

ከተመዘገበ ለጥቂት ሳምንታት ተወው፤ ለአዲስ ብሎግ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ከዚያ Performance የሚለውን ክፈትና Queries የሚለውን ዝርዝር ተመልከት። ሰዎች ምን ብለው ሲጽፉ ገጽህ እንደታየ እዚያ አለ። ምጣድን የሚመለከተውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማየት ማጣሪያውን Custom (regex) ላይ አድርገህ ይህን አስገባ፦

```
ምጣ[ድዴዱዳዷዶ]|m[ie]?tad
```

የፊደሉን ጣጣም በዚሁ መንገድ መቁጠር ትችላለህ፤ ይህ «መሃል» እና «መሃሉ» በየትኛውም ሀ ቢጻፉ ይይዛቸዋል፦

```
መ[ሀሃሐሓኀኃ](ል|ሉ)
```

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ በጣም ጥቂት ሰዎች የጻፉትን ፍለጋ ጎግል የጠያቂውን ማንነት ለመጠበቅ ሲል ከዝርዝሩ ይደብቀዋል። ስለዚህ ከላይ በግራፉ የምታየው ድምር ከታች ካሉት ሐረጎች ድምር ይበልጣል፤ ለአንተ ዓይነቱ ብሎግ የሚደበቀው ድርሻ ትልቅ ሊሆን ይችላል። በዝርዝሩ ላይ የለም ማለት አልተፈለገም ማለት አይደለም፤ ግራፉንም በየገጹ እየለየህ እየው። ሁለተኛ፣ አማካይ ደረጃ የሚለው ቁጥር ገጽህ በፍለጋ ውጤት ላይ ብቅ ባለባቸው ሦስት ዕይታዎች ብቻ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ምንም አይናገርም። ዕይታው ወደ ሠላሳ አርባ እስኪደርስ እኔ አላምነውም።

የምትፈልገው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦ ዕይታ አለው፣ አማካይ ደረጃው ከ8 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው፣ የሚጫነው ሰው ግን የለም። ያኔ ሐረጉን ከገጽህ ጋር አስተያየው። ለምሳሌ «ምጣድ ከታጠበ በኋላ አይሞቅም» የሚል ፍለጋ ገጽህን እያሳየ ቢሆን፣ አንተ ስለ መታጠብ አንዲት ቃል ሳትጽፍ ጎግል የተሻለ አጥቶ ነው ያንተን የሰጠው። ደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መጥቶብህ የሚያውቅ ከሆነና መልሱ ከያዝከው ጉዳይ ጋር የሚሄድ ከሆነ አንድ ንዑስ ርዕስ ጨምርለት፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ከሆነ የሚቀጥለው ጽሑፍህ ርዕስ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ደብተሩና ይህ ዝርዝር እየተመጋገቡ ይሄዳሉ፤ እኔ አንድ ዓመት ያለፈው ብሎግ ሲሰጡኝ ሌላ መሣሪያ ሳልከፍት የምጀምረው እዚህ ነው። ዝርዝሩ የሚቆየው 16 ወር ብቻ ስለሆነ በየጊዜው አውርደህ አስቀምጠው።

ስለ ሰፈር ስም ደግሞ ባጭሩ፤ ቀጥለህ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ነው። «ምጣድ ጥገና አራት ኪሎ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ አይፈልግም፤ ስልክና ቦታ ነው የሚፈልገው። ለእሱ ሱቅህን ጎግል ካርታ ላይ በቢዝነስ ፕሮፋይል አስመዝግብ፣ ብሎጉ ላይ ደግሞ አድራሻህን፣ የሥራ ሰዓትህንና የምትጠግናቸውን ዕቃዎች የያዘ አንድ ገጽ ይኑርህ። ከዚያ አልፈህ «ምጣድ ጥገና ፒያሳ»፣ «ምጣድ ጥገና ሜክሲኮ»፣ «ምጣድ ጥገና ስታዲየም» እያልክ የሰፈሩን ስም ብቻ የቀያየርክባቸው ሃያ ገጾች አትደርድር። ጎግል ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ለሌሎቹ ጥሩ ገጾችህም ይተርፋል።

ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን ልጀምር ብትለኝ «ምጣድ ስሰካ መብራት ይጠፋል» የሚለውን አላስቀድምም። ብዙ ሰው የሚገጥመው ችግር ነው፤ ግን መልሱ ከምጣዱ ይልቅ የቤቱ መስመር ሊሆን ስለሚችል ሰፊ ነው፣ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ የሚጽፉ ሁሉ ይጋሩሃል። «ምጣድ ስንት ይቆጥራል» ደግሞ የሚያነበው ይኖራል፣ የሚደውልልህ ግን ጥቂት ነው፤ ምጣዱ አልተበላሸበትም። «መሃሉ አይሞቅም» እና «ይነዝራል» ይቅደሙ። በወር አሥራ አምስት ሰው ብቻ ቢገባበትና ከእነሱ ሁለቱ ምጣዳቸውን ተሸክመው አራት ኪሎ ቢመጡ፣ አንድ ገጽ ወጪውን ከፈለ። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ምጣድ እንደሚበላሽ አንተ ታውቀዋለህ፤ ለገና እንዲደርስልህ ከፈለግህ በጥቅምት አውጣው። ከ11ዱ ውስጥ ርዕሳቸው በ«የኤሌክትሪክ ምጣድ» የሚጀምሩትን አታጥፋቸው፤ ውስጣቸው የደንበኛ ችግር ያለባቸውን ርዕሳቸውን ብቻ በደብተሩ ቋንቋ ለውጥ፣ የገጹን አድራሻ ግን አትንካው።